ነባሪው ደብተር

አንድ የሰፈር ሱቅ የደንበኞቹን ሒሳብ በኮምፒውተር መያዝ ጀመረ እንበል። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ሱቁ ሲከፈት ኮምፒውተሩም ይበራል። መጀመሪያ የመጡት እማማ የ120 ብር ስኳር ገዙ፤ የወጣላቸው ወረቀትም 120 ብር ይላል። ቀጥለው የመጡት ጋሼ የ450 ብር ዘይት ገዙ። የእሳቸው ወረቀት ላይ ግን ስኳርም ዘይትም ተጽፏል፤ ድምሩ 570 ብር ሆኗል። ሦስተኛዋ ደንበኛ የ60 ብር ሳሙና ገዝታ 630 ብር ተጠየቀች። ባለሱቁ ደንግጦ ኮምፒውተሩን አጥፍቶ አበራው። አራተኛው ደንበኛ ሲመጣ ሒሳቡ ልክ ሆኖ ወጣ። ባለሱቁም «ተስተካከለ» ብሎ ሥራውን ቀጠለ። አምስተኛው ሲመጣ የአራተኛው ዕቃ አብሮ ወጣበት።

በዚህ ሁሉ መሐል ኮምፒውተሩ አንድም የስሕተት መልእክት አላሳየም። ፕሮግራሙ አልቆመም፤ የድምር ስሌቱም አልተሳሳተም። 120 እና 450 ሲደመሩ በእርግጥ 570 ናቸው። የተበላሸው ሌላ ነገር ነው፤ የአንዱ ሰው ዕቃ የሌላው ሰው ዝርዝር ውስጥ ገብቷል። ፕሮግራሙ የተጻፈው በፓይተን ቋንቋ ከሆነ፣ ልምድ ያለው ፕሮግራመር ይህን ታሪክ ገና ሳይጨርሱለት ጣቱን የሚቀስረው ወደ አንድ መስመር ነው። ያ መስመር የትኛው እንደሆነና ለምን እንዲህ እንደሚያደርግ ማወቅ ፕሮግራም ለማይጽፍ ሰውም አይከብድም፤ ለሚጽፍ ደግሞ ብዙ ሌሊት ያድናል።

ፓይተን የሆላንዱ ተወላጅ ጊዶ ቫን ሮሰም ፈጥሮት በ1991 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ለሕዝብ የቀረበ ቋንቋ ነው። ዛሬ ፕሮግራም መጻፍ የሚማሩ ብዙዎች የሚጀምሩት በእሱ ነው። ለእኛ አንድ መልካም ነገር አለው፤ ከሦስተኛው ትውልዱ ጀምሮ ፕሮግራመሩ ለነገሮች የሚያወጣቸውን ስሞች በግእዝ ፊደል እንዲጽፍ ይፈቅዳል። ስለዚህ ከዚህ በታች ያሉት ምሳሌዎች በአማርኛ ስሞች የተጻፉ ናቸው፤ እንዳሉ ወደ ኮምፒውተር ቢገቡም ይሠራሉ። የቋንቋው የራሱ ቃላት ብቻ በላቲን ፊደል ይቀራሉ።

የሱቁ ፕሮግራም ውስጥ ዕቃ የሚመዘግበው ክፍል ይህን ይመስላል፦

```python
def መዝግብ(ዕቃ, ዋጋ, ደብተር=[]):
    ደብተር.append((ዕቃ, ዋጋ))
    return ደብተር
```

እንዲህ ያለው ቁራጭ ፈንክሽን ይባላል። አንድ ሥራ እንዴት እንደሚሠራ አንዴ ተጽፎ ስም ይሰጠዋል፤ ከዚያ በኋላ በስሙ በተጠራ ቁጥር ያንን ሥራ ይሠራል። `def` የሚለው ቃል «እንዲህ የሚባል ፈንክሽን ይኑር» ማለት ነው። ቅንፉ ውስጥ ያሉት ሦስቱ ስሞች ፈንክሽኑ ሲጠራ የሚቀበላቸው ነገሮች ናቸው፤ ዕቃው፣ ዋጋውና የሚጻፍበት ደብተር። ሁለተኛው መስመር ዕቃውንና ዋጋውን ደብተሩ መጨረሻ ላይ ይጽፋል። ሦስተኛው ደብተሩን ለጠራው ሰው ይመልሳል።

ችግሩ ያለው `ደብተር=[]` ላይ ነው። ባዶው ማዕዘን ቅንፍ ባዶ ዝርዝር ማለት ነው፤ ፕሮግራመሮች ሊስት ይሉታል። የእኩልነት ምልክቱ ደግሞ «ጠሪው ደብተር ካልሰጠ ይህን ተጠቀም» ይላል። እንዲህ ጠሪው ዝም ሲል በቦታው የሚገባው ነገር በአማርኛ የኮምፒውተር ቃላት ነባሪ ይባላል። ይህን ኮድ የጻፈው ሰው ያሰበው ግልጽ ነው። ደብተር ይዞ ያልመጣ ደንበኛ ሁሉ አዲስ ባዶ ደብተር ያገኛል ብሎ ነው። ዓይን ለዓይን ሲያዩትም እንደዚያ ይነበባል። አሁን ሁለቱን ደንበኞች እናስተናግድ፦

```python
እማማ = መዝግብ("ስኳር", 120)
ጋሼ = መዝግብ("ዘይት", 450)
print(ጋሼ)
```

ስክሪኑ ላይ የሚወጣው ይህ ነው፦

```
[('ስኳር', 120), ('ዘይት', 450)]
```

ይህን ያየ ሰው ጋሼ የእማማን ዕዳ ወረሱ ይላል። ነገሩ ግን ከዚያም የባሰ ነው። አሁን የእማማን ደብተር ብናወጣ እሱም ሁለቱንም ዕቃ ይዟል። እማማ ከሱቁ ሲወጡ በደብተራቸው ስኳር ብቻ ነበር፤ ቤታቸው ገብተው ሳሉ ዘይት ተጨመረበት። ምክንያቱም እማማና ጋሼ የያዙት ሁለት ተመሳሳይ ደብተሮች አይደሉም፤ አንድ ደብተር ነው። ፓይተንን `እማማ is ጋሼ` ብለን «እነዚህ ሁለቱ አንድ ነገር ናቸው ወይ?» ብንጠይቀው `True` ይላል፤ እውነት ነው ማለቱ ነው።

የዱቤ ደብተር ያለበትን ሱቅ የሚያውቅ ሰው ነገሩን እንዲህ ሊያስበው ይችላል። ባለሱቁ ሱቁን በከፈተበት ቀን አንድ ባዶ ደብተር ገዝቶ ሚስማር ላይ ሰቀለ። «የራሱን ደብተር ይዞ ያልመጣ እዚህ ላይ ይጻፍለታል» አለ። ቃሉን አላጠፈም። ደብተር ሳይዝ የመጣውን ሁሉ ያንኑ የተሰቀለውን አውርዶ ይጽፍለታል፤ መልሶም ይሰቅለዋል። ደብተሩ ባዶ የነበረው ለመጀመሪያው ሰው ብቻ ነው። የእኛ ፕሮግራመር «በየደንበኛው አዲስ ደብተር ግዛ» ያለ መስሎት ነበር፤ የጻፈው ግን «አንድ ደብተር ግዛና ስቀል» የሚል ነው።

እዚህ ላይ የአማርኛው ቃል ከእንግሊዝኛው ይበልጥ እውነቱን የሚናገር ይመስለኛል። «ነባሪ» ተቀመጠ፣ ኖረ ከሚለው ከግእዙ «ነበረ» የወጣ ነው። ተቀምጦ የሚኖር፣ የሚቆይ ማለት ነው። እንግሊዝኛው ዲፎልት ሲል ሰሚው የሚያስበው ምርጫ ሲጠፋ የሚገባውን ነገር ነው፤ ስለ መቆየት ምንም አይሰማበትም። በፓይተን ውስጥ ግን ነባሪው እሴት ቃል በቃል ነባሪ ነው። ፈንክሽኑ ውስጥ ተቀምጦ፣ ጥሪ በመጣና በሄደ ቁጥር እዚያው ይኖራል። ቃሉን በዚህ ትርጉም የያዘ ተማሪ በወጥመዱ ላይ የሚወድቅ አይመስለኝም።

የመቀመጫው ቦታም ተሰውሮ የቀረ አይደለም። ፓይተን `def` የሚለውን መስመር ሲደርስ አንብቦት ብቻ አያልፍም፤ ይፈጽመዋል። ፈንክሽኑን እንደ አንድ ዕቃ ይሠራል፤ በእኩልነት ምልክቱ በስተቀኝ ያለውንም ያኔውኑ አስልቶ ውጤቱን ከፈንክሽኑ ጋር ያያይዛል። `[]` የሚለው ባዶ ሊስት የሚወለደው በዚያች ቅጽበት፣ አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ፈንክሽኑ በኋላ ሺህ ጊዜ ቢጠራ ያ ስሌት አይደገምም። የተቀመጠውንም `__defaults__` በሚል ስም ማየት ይቻላል፦

```python
print(መዝግብ.__defaults__)
```

ማንም ደንበኛ ሳይመጣ ይህን ብንጠይቅ መልሱ `([],)` ነው፤ ሚስማሩ ላይ ባዶ ደብተር ተሰቅሏል ማለት ነው። እማማና ጋሼ ከተስተናገዱ በኋላ ብንጠይቅ ስኳሩና ዘይቱ ሁለቱም እዚያ ተጽፈው እናገኛቸዋለን። ባለሱቁ ኮምፒውተሩን ሲያጠፋና ሲያበራ የተስተካከለ የመሰለውም በዚህ ምክንያት ነው። ፕሮግራሙ እንደገና ሲነሳ `def` እንደገና ይፈጸማል፤ አዲስ ሊስት ይወለዳል፤ እስከሚቀጥለው ሁለተኛ ደንበኛ ድረስም ሰላም ይሆናል።

እንግዲህ አንድ ጥያቄ ይነሳል። ነባሪ እሴት ሁሉ አንድ ጊዜ ብቻ የሚወለድ ከሆነ፣ በቁጥርና በጽሑፍ ነባሪዎች ላይ ይህ ችግር ለምን አይታይም? `ቅናሽ=0` ብሎ የጻፈ ሰው በሁለተኛው ጥሪ ላይ የመጀመሪያውን ቅናሽ አያገኝም። መልሱ ያለው በነገሮቹ ባሕርይ ላይ ነው። በፓይተን ቁጥር በውስጡ አይለወጥም። ዜሮ ዜሮ ነው፤ በላዩ ላይ 5 ሲደመር ዜሮው ወደ አምስት አይቀየርም፤ አምስት የሚባል ሌላ ቁጥር ይመጣና ስሙ ከዜሮ ተነሥቶ አምስት ላይ ይለጠፋል። የተቀመጠው ዜሮ ግን እንደነበረ ነው። ሊስት ግን እንደ ደብተር ነው። ማንነቱ ሳይቀየር ይዘቱ ይለወጣል፤ ይጻፍበታል፣ ይሰረዝበታል። ዲክሽነሪና ሴት የሚባሉት የፓይተን መያዣዎችም እንደዚሁ ናቸው። ስለዚህ አደጋው እንዲከሰት ሁለት ነገር መገናኘት አለበት፤ ነባሪው በውስጡ የሚለወጥ ዓይነት መሆን፣ ፈንክሽኑም እላዩ ላይ መጻፉ። ባዶ ሊስትን በነባሪነት ይዞ የሚያነበው እንጂ የማይጽፍበት ፈንክሽን ችግር አይፈጥርም፤ ነገ አንድ ሰው መጥቶ የምትጽፍ አንዲት መስመር እስኪጨምርበት ድረስ።

እላዩ ላይ መጻፍና አለመጻፍ ደግሞ ሁልጊዜ በዓይን የሚለይ አይደለም። እነዚህን ሁለት መስመሮች እንመልከት፦

```python
ደብተር = ደብተር + [(ዕቃ, ዋጋ)]
ደብተር += [(ዕቃ, ዋጋ)]
```

ለቁጥር ቢሆን ሁለቱም ውጤታቸው አንድ ነው፤ ብዙ ሰው ሁለተኛውን የመጀመሪያው አጭር አጻጻፍ አድርጎ ነው የሚማረው። ለሊስት ግን የመጀመሪያው መስመር የድሮውን ገልብጦ አዲስ ደብተር ይሠራል፤ ሚስማር ላይ ያለው ንጹሕ ሆኖ ይቀራል። ሁለተኛው የተሰቀለው ላይ ራሱ ይጽፋል። አንድ ሰው ኮዱን ለማሳጠር ብሎ የመጀመሪያውን በሁለተኛው ቢተካ፣ ለወራት በደህና ሲሠራ የኖረ ፈንክሽን በዚያች ደቂቃ የሰዎችን ሒሳብ መቀላቀል ይጀምራል። ለውጡን የሚገመግም ባልደረባም ምንም ሳይታየው ያሳልፈዋል።

የቋንቋው ሠሪዎች ይህን ለምን እንዲህ አደረጉት የሚለው ተገቢ ጥያቄ ነው። ሌላ መንገድ መኖሩ አያጠራጥርም። በድረ ገጾች ላይ የሚሠራው ጃቫስክሪፕት በ2015 ነባሪ እሴቶችን ሲቀበል፣ ስሌቱ በየጥሪው እንዲደገም ነው የተወሰነው፤ እዚያ ባዶ ሊስት ሁልጊዜ አዲስ ነው። የፓይተን ምርጫ የራሱ አመክንዮ አለው። `def` ልክ እንደማንኛውም መስመር በተራው የሚፈጸም ትእዛዝ ነው፤ በመስመሩ ላይ ያለው ሁሉ ተራው ሲደርስ ይሰላል። ስሌቱ ከባድ ቢሆን በየጥሪው ዋጋ አይከፈልበትም። ክሪስ አንጀሊኮ የተባለ የፓይተን ማኅበረሰብ አባል በ2021 በየጥሪው የሚሰላ ነባሪ ለመጻፍ `=>` የሚል አዲስ ምልክት እንዲጨመር የሚጠይቅ PEP 671 የተባለ ሐሳብ አቅርቧል። የነባሩን ምልክት ትርጉም መቀየር ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ በዓለም ላይ ያለ ቁጥር ስፍር የሌለው የፓይተን ኮድ በአሁኑ ትርጉም ላይ ተደግፎ ቆሟል። እኔ በበኩሌ አመክንዮውን ተረድቼ እቀበላለሁ፤ ሆኖም ለጀማሪ ዓይን `ደብተር=[]` የሚነበብበት መንገድና የሚሠራበት መንገድ ይህን ያህል መራራቁ ያሳዝነኛል። የፓይተን ይፋዊ የማስተማሪያ ጽሑፍም ነባሪ እሴት አንድ ጊዜ ብቻ እንደሚሰላ «አስፈላጊ ማስጠንቀቂያ» ብሎ ለብቻው ጽፎታል።

ማስጠንቀቂያው ተጽፎ እያለ ስሕተቱ ለምን እስከ ደንበኛው ድረስ ይዘልቃል? ፕሮግራመሩ በራሱ ኮምፒውተር ሲሞክረው የሚያደርገውን እናስብ። ፕሮግራሙን ያስነሳል፤ አንድ ዕቃ ይመዘግባል፤ ውጤቱን ያያል፤ ልክ ነው፤ ይዘጋዋል። የመጀመሪያው ጥሪ ሁልጊዜ ልክ ነው። ነገ ደግሞ እንደገና ያስነሳል፤ እንደገና የመጀመሪያው ጥሪ ነው። በእሱ ጠረጴዛ ላይ ሁለተኛ ደንበኛ መጥቶ አያውቅም። ፕሮግራሙ ሰርቨር ላይ ሲወጣ ግን ለቀናት ሳይጠፋ ይሠራል፤ ነባሪው ደብተርም በየሰዓቱ እየወፈረ ይሄዳል።

ሰርቨሩ ላይ ነገሩን የባሰ የሚያደናግር ሌላ ልማድ አለ። ብዙ ደንበኛ እንዲያስተናግድ አንዱ ፕሮግራም በአራት ቅጂ፣ በአራት ፕሮሰስ ይነሳል እንበል። እያንዳንዱ ፕሮሰስ የራሱ ሜሞሪ ስላለው የራሱ ሚስማርና የራሱ ደብተር አለው። አንድ ሱቅ አራት መስኮት ከፍቶ በየመስኮቱ ደብተር እንደ መስቀል ነው። የሚመጣው ሰው ነጻ ወደሆነው መስኮት ይሄዳል። የመጀመሪያዎቹ አራት ሰዎች በአጋጣሚ በአራቱ መስኮቶች ቢከፋፈሉ አራቱም ልክ ይወጣሉ። አምስተኛው የማን ዕቃ እንደሚደርስበት የሚወስነው የቆመበት መስኮት ነው። ችግሩን ያየው ደንበኛ ገጹን እንደገና ሲከፍት ሌላ መስኮት ላይ ሊያርፍ ይችላል፤ የመጀመሪያው ስሕተት ጠፍቶ ሌላ ዓይነት ያያል። ስልክ ደውሎ ቢያመለክትም ሲያሳይ አይታይለትም። ስኳርና ዘይት ሲቀላቀሉ ጉዳቱ የገንዘብ ነው። ደብተሩ የሕመምተኞች የምርመራ ዝርዝር ቢሆን ደግሞ፣ የአንዱ ሰው ምስጢር በሌላው ሰው ስክሪን ላይ ይነበባል፤ ይህን በመጽሔት ላይ መጻፍ የፈለግሁትም በዚህ ምክንያት ነው።

እንግዲህ አንድ ቡድን ይህ ችግር ሳይሆን አይቀርም ብሎ የሚጠረጥረው መቼ ነው? ምልክቶቹ አንድ ላይ ሲታዩ መልካቸው የታወቀ ነው። ፕሮግራሙ እንደተነሣ ልክ ይሆናል፤ እየቆየ ይበላሻል፤ ጠፍቶ ሲበራ ይድናል። የተሳሳተው ውጤት ትክክለኛውን መልስ በውስጡ ይዟል፤ ከፊቱ ግን የሌሎች ሰዎች ነገር ተደርድሯል። ጠሪው የራሱን ደብተር ሲሰጥ ችግሩ አይታይም፤ ሳይሰጥ ሲቀር ብቻ ይመጣል። የፍተሻ ኮዶችም ለየብቻቸው ሲሮጡ ያልፋሉ፤ አብረው ሲሮጡ አንዳንዱ ይወድቃል፤ ቅደም ተከተላቸው ሲቀየር የሚወድቀውም ይቀየራል። ይህን ሁሉ በአንዲት መስመር መያዝ ይቻላል፦

```python
assert መዝግብ("ጨው", 20) is not መዝግብ("ሻይ", 30)
```

ሁለት ጥሪዎች ሁለት የተለያዩ ደብተሮች መመለስ አለባቸው ይላል። በታመመው ፈንክሽን ላይ ይህ መስመር ወዲያው ይወድቃል። ኮዱን ሳያስነሱ የሚመረምሩ መሣሪያዎችም አሉ፤ ፓይሊንት ይህን `dangerous-default-value` ብሎ ያመለክታል፣ ራፍ የሚባለው ደግሞ በ`B006` ቁጥር ያወጣዋል። ራፍ ላይ ግን ይህ ሕግ ካልተከፈተ በዝምታ ያልፋል።

መድኃኒቱ አጭር ነው። ሚስማሩ ላይ ደብተር በመስቀል ፈንታ «ደብተር አልመጣም» የሚል ምልክት ይሰቀላል፤ ደብተሩ የሚገዛው ደንበኛው ሲመጣ ነው። በፓይተን ያ ምልክት `None` ይባላል፦

```python
def መዝግብ(ዕቃ, ዋጋ, ደብተር=None):
    if ደብተር is None:
        ደብተር = []
    ደብተር.append((ዕቃ, ዋጋ))
    return ደብተር
```

አሁን `[]` ከ`def` መስመር ወጥቶ ፈንክሽኑ ሆድ ውስጥ ገብቷል። ሆዱ ውስጥ ያለው በየጥሪው ይፈጸማል፤ ስለዚህ ደብተሩ በየጥሪው ይወለዳል። `None` በውስጡ የሚለወጥ ነገር ስላልሆነ ለዘላለም ቢሰቀል ምንም አይጻፍበትም።

ከእነዚህ ሁለት መስመሮች ይልቅ `ደብተር = ደብተር or []` ብለው የሚያሳጥሩ አሉ። ይህ ማሳጠር ሌላ ችግር ይወልዳል። ፓይተን ባዶ ሊስትን እንደ «የለም» ይቆጥረዋል፤ ስለዚህ `or` ያልመጣን ደብተርና ባዶ ሆኖ የመጣን ደብተር አይለይም። አዲስ ደብተር ገዝተው ይዘው የመጡ አንድ እናት አሉ እንበል፤ ገና ምንም አልተጻፈበትም። ባለሱቁ ባዶ መሆኑን አይቶ ወደ ጎን ያደርገውና በሌላ ወረቀት ይጽፍላቸዋል። እናትየው ደብተራቸውን ይዘው ቤት ሲገቡ አሁንም ባዶ ነው። `is None` የሚለው ግን የሚጠይቀው «ደብተር መጥቷል ወይስ አልመጣም?» ብሎ ነው፤ ባዶም ቢሆን የመጣ የመጣ ነው።

ከ2018 ወዲህ በፓይተን ውስጥ ያለው ዳታክላስ የተባለው መሣሪያ በዚህ ጉዳይ ከፈንክሽን ይልቅ ጥብቅ ነው። ደንበኛን ከነስሙና ከነደብተሩ ለመግለጽ ብንጠቀምበትና `ደብተር: list = []` ብንል፣ ፕሮግራሙ ገና ሳይጀምር `ValueError` ብሎ ይቆማል። በምትኩ `field(default_factory=list)` እንድንጽፍ ይነግረናል፤ ደብተር ሳይሆን ደብተር የሚሠራ ፋብሪካ ስቀል ማለት ነው። ስሕተቱን በዝምታ ከማሳለፍ በሩ ላይ ማስቆሙ የሚያስመሰግነው ነው።

የዚሁ ችግር ወንድም የሆነ ሌላ አለ። እሱ ምንም የሚጻፍበት ነገር የለውም፤ የተወለደው ግን ከዚያችው ቅጽበት ነው፦

```python
from datetime import datetime

def ደረሰኝ(ድምር, ሰዓት=datetime.now()):
    return (ድምር, ሰዓት)
```

`datetime.now()` አሁን ስንት ሰዓት ነው ብሎ ይጠይቃል። የሚጠይቀው ግን `def` ሲፈጸም አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ስለዚህ ሱቁ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ከተከፈተ፣ ማታ ሁለት ሰዓት ላይ የሚወጣው ደረሰኝም ጠዋት አንድ ሰዓት ይላል። ሰዓቱ በውስጡ አልተለወጠም፤ ነባሪ ሆኖ ቆሟል። መፍትሔው ያው `None` ነው።

አንዳንድ ልምድ ያላቸው ሰዎች ይህንኑ ባሕርይ አውቀው ይጠቀሙበታል፤ ፈንክሽኑ ቀድሞ ያሰላውን መልስ እንዲያስታውስ ዲክሽነሪ በነባሪነት ይሰቅሉለታል። ይሠራል። ነገር ግን በኋላ የሚያነበው ሰው ሆን ተብሎ ይሁን በስሕተት አያውቅም፤ ለዚሁ ሥራ የተዘጋጀ `functools.cache` እያለ ያንን መንገድ የምመርጥበት ምክንያት አይታየኝም።

ኮዱ ሲታረም የቀደመው መዝገብ አብሮ አይታረምም። ባለሱቁ ያንን ሳምንት ሙሉ የእያንዳንዱን ደንበኛ ዝርዝር ዳታቤዝ ውስጥ ሲያስቀምጥ ከቆየ፣ የተቀላቀለው ሁሉ እዚያ ተኝቷል። ደግነቱ ይህ ስሕተት ሥርዓት አለው። `append` የሚጽፈው መጨረሻ ላይ ብቻ ስለሆነ፣ እያንዳንዱ የተቀመጠ ዝርዝር ከእሱ በፊት የነበረውን እንዳለ ይዞ መጨረሻው ላይ የባለቤቱን ዕቃ ይጨምራል። ስለዚህ መዝገቦቹን በጊዜ ቅደም ተከተል ደርድሮ፣ ከእያንዳንዱ ላይ ከፊቱ ያለውን ዝርዝር ያህል ከመጀመሪያው ቆርጦ መጣል ነው። የሦስተኛዋ ደንበኛ መዝገብ ስኳር፣ ዘይት፣ ሳሙና ይላል፤ የጋሼ መዝገብ ሁለት ዕቃ ርዝመት ስላለው ሁለቱ ሲቆረጡ ሳሙናው ይቀራል። ዝርዝሩ አጥሮ በአንድ ዕቃ የጀመረበት ቦታ ኮምፒውተሩ ጠፍቶ የበራበት ነው፤ ከዚያ እንደ አዲስ ይቆጠራል።

አራት ፕሮሰስ ከነበረ የተሰናሰሉት ሰንሰለቶችም አራት ናቸው። እያንዳንዱን መዝገብ ከፊቱ ካሉት መካከል ጅማሬው ከማን ጋር አንድ እንደሆነ እያዩ ማዛመድ ያስፈልጋል፤ ሥራው ይበዛል እንጂ በአብዛኛው ይቻላል። ዝርዝሩ ሳይቀመጥ ድምሩ ብቻ ከተቀመጠና መስኮቱ አንድ ከነበረ፣ ተከታታይ ድምሮችን መቀነስ በቂ ነው፤ 570 ሲቀነስ 120 የጋሼን 450 ይመልሳል፣ 630 ሲቀነስ 570 የሳሙናውን 60። ድምር ብቻ ተቀምጦ መስኮቱ አራት ከነበረ ግን የትኛው ቁጥር የትኛውን እንደተከተለ የሚናገር ነገር የለም። ያኔ ባለሱቁ ያለው አማራጭ ደንበኞቹን አንድ በአንድ ጠርቶ ምን ገዝተው እንደነበር መጠየቅ ነው።